ሦስቴ የላላ ማሰሪያ

አባቴ በሸቤ «ዶክተር» ነበር። ዶክተር አልነበረም፤ የጦር ሠራዊት ድሬሰር ነበር። ግን ከሠራዊቱ ተበትኖ እናታችን አገር ከገባ ጀምሮ የከተማውን ቁስል ያጠበ፣ መርፌ የወጋ፣ የተሰበረ ክንድ በካርቶንና በፋሻ አስሮ ወደ ጅማ የላከ ሰው ሌላ ምን ይባላል? መጀመሪያ ላይ «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» ይል ነበር አሉ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ማስተባበሉን ትቶታል። መንገድ ላይ «ዶክተር፣ አካም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ሲሉት ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «ፈያ» ይልና ያልፋል።

እኔ ጅማ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ሙያውን የመረጥኩት የአባቴ ልጅ ስለሆንኩ ነው ብል ደስ ይለው ነበር፤ እውነቱ ግን ውጤቴ ያመጣልኝ እሱን ነው። ታናሽ ወንድሜ በትምህርቱ አልገፋም። ብረት ይወድ ነበር። ሸቤ አጠገብ ባለች አንዲት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የመፈልፈያው ማሽን ሜካኒክ ሆነና እዚያው ቀረ። እናታችን ከሞተች በኋላ ከአባቴ ጋር የኖረው፣ ሽሮውን የሠራለት፣ የግፊት መድኃኒቱን እያስታወሰ ያዋጠው እሱ ነው። እኔ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በሚኒባስ እየሄድኩ «ለምን ቤቱ አልተጠረገም?» የምል እህት ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ስለ ወንድሜ ሞት ነው። ይበልጡን ግን ከሞቱ በኋላ ለአባቴ ስለነገርኩት ውሸትና ያንን ውሸት ስለማንሳት ነው።

ሌላው ሰው ከአባቱ ጋር ስለ ኳስ ወይም ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። እኔና አባቴ የምናወራው ስለ ቁስል ነበር። ምሳ ላይ እንጀምራለን። ወንድሜ የራሱን ሳህን ያነሳና «ከእናንተ ጋር ሰው በልቶ አይጠግብም» እያለ ደጅ ወጥቶ ይበላል። እኛም አንሰማውም።

አባቴ በደርግ ጊዜ በሰሜኑ ጦርነት ከግንባር ኋላ ባለ የሕክምና ጣቢያ ነበር የሠራው። ጣቢያ ይበለው እንጂ ሸራ የተወጠረበት ሸለቆ ነው። ቁስለኛ በቃሬዛ ይመጣል፤ አራት ሰው ተሸክሞት፣ አንዳንዴ ከአራቱ አንዱ ራሱ ቆስሎ። አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ይለያል። አሁን ከተነካ የሚድነው ወደ ቀኝ። ቢቆይም የማይሞተው ወደ ግራ። የማይድነው ከዋርካው ሥር፤ ለእሱ የሕመም ማስታገሻ መርፌና፣ ጊዜ ከተገኘ፣ እጁን የሚይዝ ሰው። «ማዕረግ አይታይም» ይለኝ ነበር ጣቱን እያነሳ። አንድ አዛዥ መዳፉን ጥይት በስቶት ሲጮህ፣ ሆዱን የተመታ ተራ ወታደር ቀድሞት ገብቷል። አዛዡ ሽጉጡን ነክቶ ነበር። አባቴም ለይቶ መስደዱን አላቆመም።

ከዚያ የሚላኩት በኡራል ነው። ሄሊኮፕተር ይመጣል ይባላል፤ አንዳንዴም ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ያ ትልቅ የጭነት መኪና በኮረብታው ላይ እያንገጫገጨ አንድ ቀን ከግማሽ ይነዳቸዋል። ሆስፒታል ሲደርሱ ወይ እግሩ ጠቁሯል ወይ ሰውየው ሞቷል። እግራቸው የጠቆረባቸውን ሐኪሙ ይቆርጣል። አባቴ ከቁስለኞቹ ጋር አብሮ እየሄደ እግር ሲቆረጥ ይዟል። እንዴት እንደሚከብድ ሲነግረኝ እጁን ወደ ላይ ገልብጦ ዝቅ ከፍ ያደርግ ነበር፤ «ከሰውዬው ሲለይ ነው የሚከብደው» ይል ነበር።

እኔም የማወራው ነበረኝ። ለአምቡላንስ ሠራተኞች ሥልጠና እንድሰጥ ተመድቤ ስለነበር የቁስል ሕክምናን ታሪክ ከየትም እየለቃቀምኩ አነብ ነበር። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ የጥይት ቁስል መርዝ አለበት ተብሎ የፈላ ዘይት ይፈስበት እንደነበር ነገርኩት። አንድ የጦር ሐኪም ዘይቱ አለቀበትና ለቀሩት የእንቁላል አስኳል ከሌላ ቅባት ጋር ደባልቆ ቀባቸው። በዘይት እጦት ይሞቱብኛል ብሎ ሲጨነቅ አድሮ፣ ሲነጋ ሄዶ ሲያይ፣ የተቃጠሉት በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ አስኳል የተቀቡት ተኝተዋል። አባቴ «እንቁላል!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ወንድሜም ከደጅ «ጥብስ ሠሩት?» አለ።

ማደንዘዣ ከመገኘቱ በፊት የሐኪም ጉብዝና የሚለካው በፍጥነት እንደነበር ነገርኩት። አራት ጎረምሳ ይይዛል፣ ሐኪሙ እግሩን በደቂቃዎች ውስጥ ቆርጦ ይጥላል፣ መጋዙን በሽርጡ ጠርጎ ወደሚቀጥለው። ብዙዎቹን የገደላቸው ጥይቱ ሳይሆን ያ መጋዝ ነው፤ ያኔ እጅ መታጠብ የሚባል ነገር አይታወቅም። ቆይቶ አንድ የፈረንሳይ ጦር ሐኪም ውጊያው እስኪያልቅ መጠበቅን ትቶ፣ በፈረስ የሚሳብ ቀላል ጋሪ ወደ ተኩሱ ላከ። ቁስለኛውን በቁስሉ ክብደት እንጂ በማዕረጉ አልለየውም። አባቴ እዚህ ላይ ከወንበሩ ተነሳ። «ይኸው!» አለ፤ ለወንድሜ፣ ለጎረቤት፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። «ይኸው! እኛም እንዲህ ነበርን!»

ታፋው የተሰበረ ወታደር ታፋው ላይ የሚገባ ቀለበት ባለው የብረት ማገጃ እግሩ ተወጥሮ መታሰር ከጀመረ በኋላ ሞቱ ምን ያህል እንደቀነሰ፣ ቁስልን ወዲያው ሰፍቶ መዝጋት እየመረቀዘ ስለገደለ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አውጥቶ ለቀናት ክፍት መተው እንደተለመደ፣ ደም እንዳይረጋ ተደርጎ በጠርሙስ መቀመጥ እንደቻለ፣ ፔኒሲሊን እንደመጣ፣ ሄሊኮፕተር መንገዱን እንዳሳጠረ፣ የተበጠሰ ደም ቅዳ ተሰፍቶ እግር ሳይቆረጥ መትረፍ እንደጀመረ ሁሉ አወራን። አሁን ደግሞ ከባድ ጉዳት ያለበትን ሰው መጀመሪያ ላይ ደሙን ብቻ ነው የሚያቆሙለት። ሆዱን በፎጣ ጠቅጥቀው፣ ሳይዘጉት፣ አሙቀውና ደም ሰጥተው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው ይጨርሱታል። አባቴ ይህን ሲሰማ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ የት ላይ ነን?» አለኝ።

«መካከል ላይ።»

«መካከል መጥፎ አይደለም» አለ።

የሰው ክብር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚነካ ያወቅኩት አንድ እሑድ ነው። አባቴ ከሁሉ የሚኮራበት ታሪክ፣ ደሙ ሊያልቅ ለደረሰ ልጅ አራት ግሉኮስ በሁለት ክንዱ አከታትሎ ያወረደበት ነው። እኔም መምህርነቱ ገና በራሴ ላይ ወጥቶ ስለነበር «አባዬ፣ አሁን እንደዚያ አይደረግም» አልኩት። ውሃ ብቻ ሲበዛ ደሙን እንደሚያቀጥነው፣ እንደሚያቀዘቅዘው፣ ግፊቱን ከፍ አድርጎ የረጋውን ደም ከቁስሉ ላይ ገፍቶ እንደሚጥለው፣ ለደም የሚተካው ደም እንደሆነ አስረዳሁት። ልክ ነበርኩ። ልክነቴ ግን በጣም ያስጠላ ነበር፤ እጄን ሁሉ እያወናጨፍኩ ነበር የማወራው። «እና ገደልኩት በይኛ» አለና ተነሳ። ሦስት ሳምንት አልደወለልኝም። ስደውል ስልኩን የሚያነሳው ወንድሜ ነው፤ «ዶክተር ሥራ ላይ ናቸው» ይለኛል፣ እየሳቀብኝ።

ታርቀን በሄድኩበት በመጀመሪያው ቀን የሠራዊት የትምህርት ደብተሩን አወጣልኝ። በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር ጽሑፍ። ገጹን ስገልጥ ስለ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ እነሱ ቱርኒኬ ስለሚሉት፣ የተጻፈውን አነበብኩ። ከቁስሉ በላይ እሰር። በእንጨት አጥብቅ። ሰዓቱን በቁስለኛው ግንባር ላይ ጻፍ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ በየሃያ ደቂቃው አላላ፣ እግሩ ደም ያግኝ፣ መልሰህ አጥብቅ።

ይህ ከተተወ ቆይቷል። ድሮ ቁስለኛው ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚውል እግሩ እንዳይሞት ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ነበር። ሲላላ ግን የረጋው ደም ይታጠባል፣ አዲስ ይፈሳል። እግሩ ትንፋሽ አገኘ ሲባል ሰውየው በየሃያ ደቂቃው በጥቂት በጥቂቱ ያልቃል። ሁለት ሰዓት ያህል ታስሮ ቢቆይ እግሩ አይሞትም። ስለዚህ አንዴ ካሰርክ ሐኪም ጋ እስክትደርስ አትነካውም። ይህን በሥልጠናዬ የመጀመሪያ ቀን ነው የማስተምረው፤ ተማሪዎቼን ጮክ ብለው እንዲደግሙት አደርጋለሁ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ገጹን ገለጥኩና «ጽሑፍህ እንዴት ያምራል» አልኩት። ደስ አለው። እሑዱን ማበላሸት አልፈለግኩም። አባቴ ከእንግዲህ ማንን ያስራል ብዬም ነበር።

አደጋው የደረሰው በቡና ለቀማ ወቅት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ለማራገፍ ወደ መፈልፈያው በኋላ ማርሽ ሲጠጋ ወንድሜን ከመቀበያው ገንዳ የብረት ጠርዝ ጋር እግሩን አጣበቀው። ከጉልበቱ በላይ። መኪናው ወደፊት ሲል ደሙ ተስፈንጥሮ ግድግዳውን እንደመታው በኋላ ነገሩኝ። የወረዳው አምቡላንስ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ሄዷል። ሰዎቹ ያደረጉት የሸቤ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ሮጠው ዶክተርን አመጡ።

አባቴ ደርሶ ያደረገውን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ በልቤ አይቼዋለሁ። አልጮኸም። ከመኪናው ላይ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ቆርጦ ታፋው ላይ ከፍ አድርጎ አሠረ። ሽቦ እንስጥዎት ያሉትን ከለከለ፤ ሽቦ ሥጋ ይበጣል፣ ሰፊ ነገር ነው የሚያስፈልገው። የመፍቻ እጀታ አስገብቶ ደሙ እስኪቆም አዞረው፣ እጀታውንም እንዳይመለስ በፋሻ አሠረው። እግሩን ከሁለት ጣውላ ጋር አገጣጠመ፣ ወንድሜን በጋቢው ሸፈነ። በፒክአፕ ጭነው ተነሱ። ከዚህ የተሻለ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ አላደርግም ነበር።

ስልክ ደርሶኝ ስለነበር ተዘጋጅተን ጠበቅን። ሁለት ከረጢት ደም ከፍሪጅ ወጥቷል፣ ቀዶ ሐኪሙ ተጠርቷል፣ ብርድ ልብስ ሞቋል። ፒክአፑ በር ላይ ሲቆም ወለሉ ላይ የተነጠፈው የቡና ጆንያ ረጥቦ ከብዶ ነበር። አባቴ ከወንድሜ ራስ በኩል ተቀምጧል፣ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ቀይ ነው። «ታስሯል!» አለኝ። «ሰዓቱ ተጽፏል፣ እይው!»

አየሁት። በወንድሜ ግንባር ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ በዚያው በሚያምር ጽሑፍ፦ ታሠረ 3:10። ከሥሩ፦ ላላ 3:30። ላላ 3:50። ላላ 4:10።

ያኔ ሁሉን ነገር አወቅኩ። ቃሬዛውን እየገፋሁ ነው ያወቅኩት።

ወንድሜ ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ግን አላየኝም። ቆዳው ቀዝቃዛና ላብ ያዘለ፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ግፊቱ አልነበብ አለን። ከመጀመሪያው በላይ ሁለተኛ ማሰሪያ አደረግን። በሁለቱም ክንዱ ወፍራም መርፌ አስገብተን ደሙን ጨምቀን ሰጠነው፣ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያግዘውን መድኃኒት ወጋነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሦስት ነገር አንድ ላይ ይመጣበታል። ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ደሙ ይኮመጥጣል፣ የቀረውም ደም መርጋት ያቅተዋል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የሥራ ጓደኞቼ «ውጪ፣ እኛ አለን» አሉኝ። አልወጣሁም። ሁለት ባልደረቦቼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ሊሰጡ ሄዱ። ቀዶ ሐኪሙ ደም ቅዳውን ለመስፋት ጊዜ እንደሌለ አይቶ «እግሩን እንቆርጣለን፣ ልጁን እናትርፍ» አለኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ሁሉ ታሪክ በኋላ ወደ መጋዙ ተመልሰን ነበር፤ እኔም መጋዙን በሙሉ ልቤ ለመንኩ። ልቡ የቆመው ገና ከመጀመራቸው ነው። ለረጅም ጊዜ ደረቱን ጫኑት። አልተመለሰም።

ሐኪሙ ሲወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ባይላላ ኖሮስ?»

ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደ። «ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ» አለኝ። «እግሩን አላውቅም። እሱ ግን ይተርፍ ነበር።»

አስከሬኑን ከመገነዛችን በፊት ግንባሩን በአልኮል ጠረግኩት። ጽሑፉ በአንዴ አልለቀቀም።

ለቅሶው ሸቤ ሆነ። ድንኳኑ ሞላ። ከጣቢያው ሠራተኞች፣ ከሾፌሮች፣ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ያልመጣ አልነበረም። ሰዎቹ አባቴን ሊያጽናኑት የሚሉት አንድ ነገር ነበር። «ዶክተር፣ እርስዎ እኮ ነፍሱን ይዘው ጅማ አድርሰውታል።» አንዲት ጎረቤታችን «አላህ ጽናቱን ይስጥዎት፣ አባትነትዎን ተወጥተዋል» አለችው። በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል አባቴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«አንቺ ባለሙያ ነሽ። የሠራሁት ልክ ነበር?»

እግዜር ይየኝ፣ ፊቱን አይቼ ሌላ ልለው አልቻልኩም። «ልክ ነበር አባዬ። ደም ቅዳው ከሥሩ ነው የተቀደደው። ማንም አያተርፈውም ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። መልካም አደረግኩ ብዬም አሰብኩ፤ ነርስ በሕይወቷ ስንት ውሸት ትዋሻለች፣ ይህ ምን ይቆጠራል ብዬ።

ከአርባው በኋላ ደወለልኝ። ድምፁ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነበር፤ ሞቅ ያለ። የማጠቢያ ጣቢያው ኃላፊ ሾፌሮችንና ማሽን ላይ የሚሠሩትን ሁሉ ሰብስቦ የመጀመሪያ ዕርዳታ እንዲያስተምር ጠይቆታል። ከአካባቢው ሌሎች ጣቢያዎችም ይመጣሉ። «በልጄ ስም ይሁን ብያቸዋለሁ» አለኝ። «ፋሻ ይዘሽልኝ ነይ። ማሰሪያውን እኔ አዘጋጃለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ሠላሳ አርባ ሾፌር ፊት ቆሞ በየሃያ ደቂቃው አላሉ ሊል ነው። ሾፌሮቹ ደግሞ የዶክተርን ቃል አይረሱም። ከጌራ፣ ከሰቃ፣ ከየቡናው መንገድ ሰው አስረው ወደ ጅማ ሲያመጡ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ግንባራቸውን ላነብ ነው። ለአባቴ ስል የዋሸሁት ውሸት የማላውቃቸውን ሰዎች ሊገድል ነው። እውነቱን ብነግረው ደግሞ እሱን የሚገድለው መሰለኝ። አባቴ ግፊት አለበት፣ ብቻውን ነው፣ የቀረው ነገር ያ አንድ ኩራቱ ነው። ሌላ መንገድ ፈለግኩ። «ሥልጠናውን እኔ ልስጥ» ብዬ ደወልኩ። «አንቺ ለአምቡላንሶቹ ስጪ፣ እነዚህ የኔ ናቸው» አለኝ እየሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ በኋላ ያለቀስኩትን ያህል በቀብሩ ቀን አላለቀስኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሸቤ ደረስኩ። ትምህርቱ ከቀትር በኋላ ነው። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የጭነት ቀበቶ እኩል እኩል እየቆረጠ ነበር። ለእያንዳንዱ አንዳንድ የእንጨት እጀታ ጠርቦ አስቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩና አንዱን ቀበቶ አንስቼ ያዝኩ፤ እጄ የሚይዘው ነገር ስላስፈለገው።

«አባዬ፣ ስታስተምር አላሉ እንዳትል።»

«ምኑን?»

«ማሰሪያውን። አንዴ ከታሰረ አይላላም። ድሮ ነበር እንደዚያ፣ አሁን ተትቷል። ሲላላ ነው ሰው የሚያልቀው።»

መቀሱን አስቀመጠ። መንገዱን ያይ ጀመር። አንድ አይሱዙ አለፈ፣ አቧራው እስኪበተን ጠበቀ።

«መቼ ተቀየረ?»

«ከቆየ። ብዙ ዓመቱ ነው።»

«እሱስ?» አለ። ስሙን አልጠራውም።

ዓይኑን ማየት አቅቶኝ የያዝኩትን ቀበቶ መዳፌ ላይ ጠመጠምኩ። አባቴ ሦስት ጣቱን ዘርግቶ አየውና ቀስ ብሎ አጠፈው።

«አንቺ ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ ነበር ከሁሉ የፈራሁት። «ሁልጊዜ አውቅ ነበር» አልኩት። «ደብተርህ ላይ አይቼው ነበር። ያኔ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። በግሉኮሱ ተቀይመኸኝ ስለነበር ዝም አልኩ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም፣ ያኔ ግን ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። «በግሉኮስ» አለ። ሁለተኛ ጊዜም «በግሉኮስ» አለ። ከዚያ ተነስቶ ቤት ገባ። ውሃ ሲያፈስ ሰማሁ። የቀሩትን ቀበቶዎች እየቆረጥኩ ጠበቅኩት። ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ ታጥቧል፣ ኮቱን ለብሷል። ቀበቶዎቹን በፌስታል ሰበሰበ።

«ሰዎቹ ይጠብቃሉ» አለ። ነይ አላለኝም፣ ቅሪም አላለኝም። ተከትዬው ሄድኩ።

ሰዎቹ በመፈልፈያው ፊት፣ በተገለበጡ ሳጥኖችና በጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ገንዳው ታጥቧል። ወንድሜን የገጨው ሾፌርም አለ፤ ከሁሉ ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ። አባቴ ወደ ፊት እንዲመጣ ጠራውና ሳጥን ላይ አስተኛው። በታፋው ላይ ቀበቶውን አሠረ። በኦሮምኛ ይጀምራል፣ በአማርኛ ይደግማል፣ ሁልጊዜም እንደሚያደርገው። ከቁስሉ በላይ፣ አንድ መዳፍ ያህል ርቆ። መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም። ሽቦና ገመድ አይሆንም። አጥብቁ፣ ደሙ እስኪቆም፤ ይጮሃል፣ ይጩህ። ሰዓቱን ጻፉ። አምቡላንስ ከሌለ ፒክአፕ፣ ፒክአፕ ከሌለ ባጃጅ፤ ብቻ አትዘግዩ። ብዙ ሰው ከተጎዳ ዝም ያለውን ቀድማችሁ እዩ፣ የሚጮኸው ትንፋሽ አለው። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ይመስል ነበር።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ መቼ ነው የምናላላው?»

አባቴ እጁን ከሾፌሩ ታፋ ላይ አላነሳም። «ሂን ሂኪና» አለ። አትፍቱ። ወደ አማርኛው መጣ። «አታላሉ። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ማንም አይነካው። ማሰሪያው በጣም ያማል፣ ከቁስሉ ይብሳል። ይለምናችኋል። በእናቱ ስም ይለምናችኋል። አታላሉለት።» ሰዉ የጨረሰ መስሎት ሊንቀሳቀስ ሲል ቀጠለ።

«እኔ አላልቼዋለሁ። ልጄን። ከዚህ እስከ ጅማ ሦስት ጊዜ አላላሁለት። እርስዎ አደረሱት ትሉኛላችሁ፤ አላደረስኩትም፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት። ባላላሁለት ቁጥር ሕመሙ ይቀልለውና እጄን ይይዘኛል። ሦስቱንም ጊዜ ‹እግዜር ይስጥህ አባዬ› አለኝ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ አልወጣም፣ በከንፈሩ ነው ያለኝ።»

ሾፌሩ ሳጥኑ ላይ እንደተኛ በክንዱ ዓይኑን ሸፈነ። አባቴ ማሰሪያውን ፈታለት፣ አስነሳውና ቀበቶውን እጁ ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ እሱ ራሱ ሳጥኑ ላይ ተጋድሞ እግሩን ዘረጋ።

«በል እሰረኝ» አለው።